የሙዝ ቢጫና የቡና ቀይ፦ ቀለሙን የቱ ላይ እንመን?

ሙዝና እሸት ቡና ሲበስሉ ሁለቱም ቀለም ይቀይራሉ። ቀለሙ የሚነግረን ነገር ግን ለየቅል ነው።

ሙዝ አረንጓዴ እያለ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠም በኋላ መብሰሉን ይቀጥላል። ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ሲቀየር ልጣጩም ቢጫ ይሆናል። ጫፉ ገና አረንጓዴ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ቸኩላችሁ ብትገዙም ብዙ አልተጎዳችሁም። የሚያሳስተው ሙቀት ነው። በጣም ሞቃት ቦታ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ውስጡ ሊለሰልስ ይችላል። ስለዚህ ቆላ ከሆናችሁ በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት።

ቡና ላይ ግን ስህተቱ አይታረምም። ጥሬው አንዴ ከተለቀመ፣ ዛፉ ላይ የጎደለውን ጣዕም ቤት ውስጥ አያገኝም። በአንድ ቅርንጫፍ አረንጓዴውም ቀዩም አብረው ስለሚገኙ፣ ጥሩ ለቃሚ ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። በደንብ የቀላውን በሁለት ጣት ጨመቅ ሲያደርጉት ፍሬው ከነዝልግልጉ ሾልኮ ይወጣል። ጥሬው ድርቅ ብሎ እምቢ ይላል። በአንድ ጎኑ ቀልቶ በሌላው አረንጓዴ የሆነውን እኔ ብሆን ለሚቀጥለው ዙር እተወዋለሁ። ሲበስሉ ቢጫ የሚሆኑ የቡና ዝርያዎችም አሉ፤ እነሱ ላይ ቀይ ቢጠብቁ አይመጣም፣ በጣት መጭመቁ ይሻላል።