ለአነስተኛ ሱቅ የሚስማማው ሂሳብ፦ ሁለተኛ የግል ቁጠባ፣ በንግድ ስም የተከፈተ ቁጠባ ወይስ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ?

የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለመለየት የወሰነ ባለሱቅ ብዙውን ጊዜ ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ በራሱ ስም ሁለተኛ የቁጠባ ሂሳብ መክፈት፣ በንግድ ስሙ የቁጠባ ሂሳብ መክፈት፣ ወይም ቼክ የሚጻፍበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ መያዝ ናቸው።

የመጀመሪያው ለመክፈት ቀላል ነው። ሆኖም ሽያጩ፣ ከዘመድ የተላከውና የተመለሰው ብድር ሁሉ በአንድ ሰው ስም ስለሚገቡ፣ ብድር ሲጠየቅ ወይም ግብር ሲሰላ የትኛው የሱቁ ገቢ እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል፤ የግል ሂሳብን ለንግድ ማዋል በውላቸው የሚከለክሉ ባንኮችም አሉ። ስለዚህ ይህን አማራጭ ከጊዜያዊ መሸጋገሪያነት አላሳልፈውም።

በቀሩት ሁለቱ መካከል የሚወስነው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የእንቅስቃሴው ብዛት ነው። ለምሳሌ አንድ ሱቅ በወር 26 ጊዜ ሽያጭ ያስገባል፣ 12 ጊዜ ለአከፋፋይ ይከፍላል፣ 5 ጊዜ ደግሞ ኪራይና ሌሎች ወጪዎችን ያወጣል እንበል፤ በድምሩ 43 ይሆናል። ቁጠባው በዓመት 6 በመቶ ወለድ ቢያስገኝና በአማካይ 60,000 ቢቀመጥበት የወሩ ወለድ 300 ነው። ባንኩ የመጀመሪያዎቹን 10 እንቅስቃሴዎች በነፃ ፈቅዶ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ 10 ቢያስከፍል ግን ክፍያው 330 ስለሚደርስ ወለዱን ይበልጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ፣ ወርኃዊ ክፍያው ከ30 በታች እስከሆነ ድረስ፣ ወለድ የማይከፍለው ተንቀሳቃሽ ሂሳብ የተሻለ ነው፤ በሳምንት አንዴ አስገብቶ ሁለቴ ለሚከፍል ሱቅ ግን ቁጠባው ያዋጣል። ይሁን እንጂ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ዝቅተኛ ቀሪ እንዲጠበቅ ሊያስገድድ ይችላል፤ ይህ ገንዘብ ዕቃ የማይገዛበት መሆኑ ከክፍያው ጋር ሊታሰብ ይገባል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ከመሳቢያ ወጪ ተከፍሎ የተረፈውን ብቻ ማስገባት መለያየቱን ያፈርሰዋል። ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ቀርቶ የቀኑ ሽያጭ በሙሉ ይግባ፤ ወጪው ከዚያ ይከፈል፤ ባለቤቱም በተወሰነ ቀን የተወሰነ ደመወዝ ወደ ግል ሂሳቡ ያስተላልፍ። ለቤት የተወሰደ ሳሙና እንኳ በተገዛበት ዋጋ ይመዝገብ። የ1,000 ሽያጭ ዕቃ በ850 ተገዝቶ ከሆነ፣ ኪራዩም መብራቱም ደመወዙም የሚወጡት ከቀሪው 150 ነው። የአከፋፋይ ዕዳ ሳይቀንስና ቀሪ ሂሳቡ ሳያድግ መደርደሪያው እየሳሳ ከመጣ፣ ቤቱ ትርፉን አልፎ ዋናውን እየበላ ሊሆን ይችላል።

ከመፈረም በፊት ባንኩን ስለ ነፃ እንቅስቃሴዎች ብዛት፣ ስለ ዝቅተኛው ቀሪና ባለቤቱ ሲታመም ማን መፈረም እንደሚችል መጠየቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።