የደረት ሕመም ታማሚን ራውንድ ላይ ሲያቀርቡ፦ ከታሪኩ ወይስ ከግምገማው?

ታማሚው የ58 ዓመት ሰው ነው፤ ግፊትና ስኳር አለበት። ሌሊት የገባው ደረቱን በሚጫን፣ ወደ ግራ ክንዱ በሚሄድ ሕመምና በላብ ነው።

ከታሪኩ ሲጀመር፦ ቅሬታው፣ የሕመሙ ባሕርይ፣ አጋላጭ ሁኔታዎቹ፣ ምርመራው፣ ኢሲጂው፣ በመጨረሻ ግምገማው። የሚዘለል ነገር ያንሳል። ግን ኢሲጂው እስኪነሳ አድማጩ ከዝርዝሩ የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም።

ከግምገማው ሲጀመር፦ «የ58 ዓመት ሰው፣ የታችኛው የልብ ግድግዳ ኢንፋርክሽን ይመስለናል፤ ኢሲጂው በሊድ ሁለት፣ ሦስትና ኤቪኤፍ የኤስቲ ከፍታ አለው፤ አሁን ሕመም የለውም።» ቀሪው ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። አደጋው አንድ የበሽታ ግምት ላይ መጣበቅ ነው። የአኦርታ መሰንጠቅም ቀኙን የልብ ደም ስር ዘግቶ ይህንኑ ኢሲጂ ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ ደም ማቅጠኛ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ሕመሙ በአንዴ አልከፋም፣ ወደ ጀርባ አልሄደም፣ የሁለቱ ክንዶች ግፊት እኩል ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፈጽሞ አይቀርም። ብዙ ኢንተርኖች የሚረሱት ይህንን ነው።

በሽታው ገና ካልተለየ፣ ወይም ኢሲጂውና ትሮፖኒኑ ምንም ካላሳዩ፣ ከታሪኩ መጀመር ይሻላል። ታማሚው ካልተረጋጋ ወይም ዛሬ የሚወሰን ሕክምና ካለ ከግምገማው ይጀመር።