እናንተ በሌላችሁበት የሞተር ሳይክላችሁ ሞተር እንዳይከፈት

አዲስ ሞተር ሳይክል ገዝታችሁ ዋስትናው ሳያልቅ ሞተሩ ከተበላሸባችሁ፣ ለሻጩ ጋራዥ ቁልፉን ብቻ አስረክባችሁ እንዳትመለሱ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው።

የኔ ሞተር ሳይክል 1,800 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመ። የመጀመሪያው ሰርቪስ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ እዚያው ሻጩ ጋራዥ ተሠርቷል። ዘይቱም ፊልትሮውም ተቀይሯል፤ ማኅተሙ ደብተሩ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ከላይ፣ ከቴስታታው በኩል፣ ቀጭን የማንኳኳት ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። አንድ ቀን እየነዳሁ ሳለ ጉልበቱ ድንገት ጠፋና ሞተሩ ቀጥ አለ። ፔዳሉን ብረግጠው ወይ ፍንክች።

ጋራዡ ሲደውልልኝ ሞተሩ ተፈቷል፣ ዘይቱ ተደፍቷል፣ ውሳኔውም ተሰጥቷል። የሰርቪስ ኃላፊው «ያለ ዘይት ነድተውት ነው፤ የአያያዝ ጉድለት ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ምን ያህል ዘይት እንደነበረው የሚመሰክረው ዘይቱ ራሱ ነበር፤ እሱን ደግሞ ሳያሳዩኝ ደፍተውታል።

ያዳነኝ አንድ ፎቶ ነው። ከማስረከቤ በፊት ሞተር ሳይክሉን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጌ፣ የዘይት መመልከቻውን መስታወት ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጋር አንስቼው ነበር። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይታያል።

ይህ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ላስረዳ። በብዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ዘይቱ ከታች ይጠራቀማል። ፓምፑ ከዚያ በወንፊት በኩል ስቦ በቀጭን መንገድ ወደ ላይ፣ ቴስታታው ውስጥ ቫልቮቹን ወደሚከፍተው ዘንግ፣ ወደ ካምሻፍቱ ይልከዋል። ዘይቱ ራሱ ካለቀ፣ ሲፈስ የሚወጣው ትንሽ ነው፤ ጥፋቱም ከባለቤቱ ወይም ከሚያፈስ ቦታ ሊሆን ይችላል። ከታች ዘይት ሞልቶ ካምሻፍቱ ደርቆ ከተፋቀ ግን፣ ችግሩ ፓምፑ ወይም መንገዱ ነው። ያንን ነጂ ሊያውቀው አይችልም።

ስለዚህ ሄጄ የተፈቱትን ዕቃዎች ልይ አልኩ። የካምሻፍቱ መቀመጫ ተቧጭሯል፤ ብረቱ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። ወንፊቱን አምጡልኝ ስል አንገራገሩ። ሲመጣ ቀይ የሲሊኮን ቁራጭ ወንፊቱን ደፍኖታል። ሲሊኮን ክዳን ሲገጠም እንዳያፈስ የሚቀባ ማጣበቂያ ነው። ሲበዛ ወደ ውስጥ ይጨመቅና እየተቆረሰ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። እኔ ሞተሩን ከፍቼ አላውቅም። ዕቃዎቹንም እዚያው አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ።

ከዚያ ክርክሩን ትቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። የገዛሁበትን ቀን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የቆመበትን ኪሎ ሜትርና የሰርቪሱን ማኅተም አስቀደምኩ። ዋናው ክፍል ይህ ነው፦

«ሞተሩ የተፈታው እኔ ባልተገኘሁበት ሲሆን፣ የወጣው ዘይት መጠን አልተለካም። ከማስረከቤ በፊት የተነሳው ፎቶ ዘይቱ በቂ እንደነበር ያሳያል። የዘይት ወንፊቱ በሲሊኮን ተደፍኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ብልሽቱ የአያያዝ ሳይሆን የአሠራር ጉድለት ስለሆነ፣ ሞተሩ በዋስትናው መሠረት ያለ ክፍያ እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን የማትቀበሉ ከሆነ ምክንያቱን፣ የዋስትናውን አንቀጽ ጠቅሳችሁ፣ በጽሑፍ ስጡኝ። የተፈቱት ዕቃዎች በሙሉ፣ ወንፊቱን ጨምሮ፣ ጉዳዩ እስኪቋጭ እንዳይጣሉ።»

በሁለት ኮፒ አዘጋጅቼ አንዱ ላይ የተቀበለውን ሰው ስም፣ ፊርማና ቀን አስፈረምኩ። ግልባጩን ለአምራቹ ወኪል ላክሁ። በአፍ «አይሸፍንም» ማለት ቀላል ነው። በጽሑፍ ስጡኝ ሲባል ግን «ያለ ዘይት» የሚለው ቃል ጠፋ።

እናንተ ግን እኔ ያለፍኩበት ውስጥ አትግቡ። ስታስረክቡ የሥራ ትዕዛዙ ላይ «ሞተሩ ባለቤቱ በሌለበት አይከፈት፤ ዘይቱ ተለክቶ ይቀመጥ» ብላችሁ ጻፉበት። ዘይቱ ሲወጣ በመለኪያ ይለካ፤ የተወሰነው ውስጥ ስለሚቀር መመሪያው ላይ ካለው ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ። ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። «የመፍቻ ዋጋ ደንበኛው ይከፍላል» የሚል ካለም አንብቡት። ሰርቪስ ዘላችሁ ከሆነ ግን ውድቅ ለማድረግ ምክንያት ስለሚሆናቸው፣ የዘይት ግዢ ደረሰኞቻችሁን ሁሉ ሰብስቡ።

ሻጩ አሁን ካምሻፍቱን፣ ቴስታታውን፣ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን በነፃ ልቀይር ብሏል። እኔ ግን የዘይት መንገዱ በሙሉ መታጠቡ በጽሑፍ ካልተገለጸልኝና ሞተር ሳይክሉ ጋራዥ የቆየበት ጊዜ ዋስትናው ላይ ካልተጨመረልኝ የርክክብ ሰነዱ ላይ አልፈርምም።