ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ ወይስ ኮምቦልቻ? የሱቅ ቦታ ከመፈረም በፊት እንዴት ይመዘናል

ደሴ ላይ ሱቅ የሚፈልግ ሰው ደላላ ዘንድ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰማው «መንገድ ዳር ነው፤ ሰው ይጎርፍበታል» የሚለውን ነው። መጉረፉ እውነት ሊሆን ይችላል። የሚጎርፈው ሰው የእናንተን ዕቃ ይገዛ እንደሆነ ግን ደላላው አያውቅም፤ ማወቅም የእሱ ሥራ አይደለም። ኪራዩ ደግሞ የሚተመነው በአላፊ አግዳሚው ብዛት ነው። ያልገዛችሁን መንገደኛ ሁሉ በየወሩ ትከፍሉበታላችሁ ማለት ነው።

ንጽጽሩን በአንድ ሥራ ላይ ላሳይ። ጎረቤቴ የልጆች ልብስ ሱቅ ለመክፈት ፈልጋ ሦስት ክፍሎች ቀርበውላት ነበር። አንዱ ደሴ ፒያሳ አስፋልት ዳር ነው። ሁለተኛው ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ ልብስ ሻጮች በተደረደሩበት ተራ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ጠዋትና ማታ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው። ስሌቱ እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቻቸዋለሁ፤ ኪራይም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከዚህ ጽሑፍ ዋጋውን ሳይሆን የአሠራሩን መንገድ ያዙ።

| | ፒያሳ | ሰኞ ገበያ | ኮምቦልቻ |
|---|---|---|---|
| የወር ኪራይ በብር | 19,500 | 11,700 | 7,800 |
| በሰዓት የሚያልፍ ሰው | 600 | 250 | 180 |
| በሰዓት አጠገብ ያለ ልብስ ሱቅ የሚገባ | 3 | 9 | 2 |
| ኪራይ ብቻ ለመሸፈን በቀን የሚያስፈልግ ሽያጭ | 5 | 3 | 2 |

የመጨረሻው ረድፍ እንዲህ ይገኛል። ኪራዩን ሱቁ በወር ክፍት ለሚሆንባቸው ቀናት ታካፍላላችሁ፤ እዚህ 26 ቀን ተወስዷል። ፒያሳ በቀን 750 ብር፣ ሰኞ ገበያ 450፣ ኮምቦልቻ 300 ይሆናል። ከዚያ የመግዣውንና የማጓጓዣውን ወጪ ቀንሳችሁ ከአንድ ሽያጭ በአማካይ የሚተርፋችሁን ትገምታላችሁ። ለልጆች ልብስ 150 ብር ብለን ብንይዝ ፒያሳ አምስት፣ ሰኞ ገበያ ሦስት፣ ኮምቦልቻ ሁለት ሽያጭ ለአከራዩ ብቻ ይውላል። መብራት፣ ጥበቃ፣ ግብርና የቤተሰብ ቀለብ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ዋናው ጥያቄ ያ ሽያጭ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አላፊ አግዳሚውን ቆጥሮ ያቆማል። መቆጠር ያለበት ግን ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጠው የቅርቡ ሱቅ ነው። ፊት ለፊቱ ቁሙና ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ስንቱ ፌስታል ይዞ እንደሚወጣ ተመልከቱ። በሰኞ ገበያው ተራ እናቶች ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ፤ ሱሪውን ልጁ ወገብ ላይ አስጠግተው ይለካሉ፣ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ወጥተው ይመለሳሉ። ፒያሳ ላይ ሰው የሚያልፈው ወደ ባንክ፣ ወደ ታክሲ፣ ወደ ቢሮ ነው። እግሩ ፈጣን ነው፣ ልጁም አብሮት የለም።

ከሚገቡት ከአራቱ አንዱ ይገዛል እንበል፤ ይህንንም ፌስታሉን በመቁጠር ታረጋግጣላችሁ። ሱቁ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ የፒያሳው ጎረቤት ስድስት፣ የሰኞ ገበያው አሥራ ስምንት፣ የኮምቦልቻው አራት ሽያጭ አለው። አዲስ ሱቅ ደንበኛ እስኪያፈራ ድረስ የነባሩን ግማሽ ቢያገኝ ፒያሳ ሦስት፣ ሰኞ ገበያ ዘጠኝ፣ ኮምቦልቻ ሁለት ይሆናል። ፒያሳ ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም። ኮምቦልቻ ኪራዩን ሸፍኖ ባዶ እጅ ያስቀራል። ሰኞ ገበያ ላይ ስድስት ሽያጭ ይተርፋል።

የቆጠራው ሰዓትና ቀን ካልተመረጠ ይህ ሁሉ ይበላሻል። ሰኞ ዕለት ከኩታበር፣ ከሐይቅና ከገጠሩ የሚመጣው ሰው ገበያውን ስለሚሞላው በዚያ ቀን ብቻ የቆጠረ ሰው በሌላው ቀን ያዝናል። አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ ተራ ቀን፣ አንድ ዓርብ መውሰድ ጥሩ ነው፤ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በፊትና በኋላ የመንገዱ መልክ ይለያያል። በእያንዳንዱ ቀን በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በአሥራ አንድ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት መቁጠር ይበቃል። የዒድ ዋዜማን፣ የእንቁጣጣሽንና የትምህርት መክፈቻን ሰሞን ከቆጠራው አውጡ። የልጆች ልብስ በእነዚያ ቀናት የትም ቢሆን ይሸጣል፤ ኪራዩ ግን በሰኔም በጥርም ይከፈላል። ደሴ ቁልቁለትና ዳገት የበዛባት ከተማ ስለሆነች በየትኛው የመንገዱ ጎን ሰው እንደሚሄድም ለይታችሁ ጻፉ። ከገበያ ዕቃ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው መንገድ ተሻግሮ ደረጃ አይወጣም።

የተፎካካሪ ጉዳይ ብዙዎችን ያስፈራል። ጎረቤቴም መጀመሪያ ሰኞ ገበያን የሸሸችው «ስድስት ልብስ ሻጭ ባለበት እኔ ምን እሸጣለሁ?» ብላ ነው። እዚያው ተራ ውስጥ የቆዩ አንድ ነጋዴ «ልጄ፣ ገዢው የሚመጣው ለተራው ነው፤ ብቻሽን ብትሆኚ ማን ይመጣልሻል?» አሏት። ልክ ናቸው፤ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ብቻ። ሰው መልኩን፣ ልኩንና ዋጋውን አማርጦ የሚገዛው ነገር፣ ለምሳሌ ልብስ፣ ጫማ ወይም የቤት ዕቃ፣ በተራ ሲሆን ይሸጣል። ሳይመርጥ በደረሰበት የሚገዛው፣ ለምሳሌ ዳቦ፣ ስኳር ወይም ሳሙና፣ ተቃራኒው ነው፤ አጠገብ ያለ ሁለተኛ ሱቅ ገበያውን በቀጥታ ይከፍለዋል። የሻይና የጭማቂ ቤት ብትከፍቱ ኖሮ እኔም ፒያሳን እመርጥላችሁ ነበር። ተራ ውስጥ ስትገቡ የምትፈትሹት የሱቆቹን ብዛት ሳይሆን የጎደላቸውን ነው። በዚያ ተራ የሕፃናት ልብስ ሞልቶ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆን ግን እምብዛም አልነበረም፤ እናቶች ጠይቀው ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ይታያል። ቦታ የሚያስገኘው እንዲህ ያለ ክፍተት ነው።

የኮምቦልቻው ክፍል በርካሽነቱ ያጓጓል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በሠራተኛ ላይ ተስፋ አድርጎ ሱቅ የከፈተ ብዙ ነው። ሁለት ነገር ይታሰብ። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች በአብዛኛው ገና ልጅ ያልወለዱ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ለራሳቸው ይገዛሉ እንጂ የልጆች ልብስ አይፈልጉም። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀጣሪ ላይ የቆመ መንገድ ቀጣሪው ሲታመም አብሮ ይታመማል። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ልብስ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ፋብሪካዎች ገበያ ጠቧል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚከራይ ሰው አሁን የሚያልፈውን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ቢቀነስ ማን እንደሚቀርለት ይጠይቅ።

ደኅንነቱን ለማየት ክፍሉን በቀንም በምሽትም መጎብኘት ያስፈልጋል። ቀን ስትገቡ ከወለሉ እስከ ጉልበት ያለውን ግድግዳ በደንብ ተመልከቱ። አንድ ወጥ የሆነ ቡናማ መስመር ካለ፣ ወይም ቀለሙ ከታች ብቻ ተላጦ አዲስ ከተቀባ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ከበሩ ፊት ያለው የጎርፍ ቦይ በቆሻሻ መደፈኑን እዩ። የሰኞ ገበያው ክፍል ላይ ይህ መስመር በግልጽ ይታይ ነበር፤ ለልብስ ነጋዴ ደግሞ እርጥበት ከሌባ አያንስም። ያም ቦታውን አላስጣላትም፤ ታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ ከፍ እንዲል፣ ቦዩም በአከራዩ ወጪ እንዲጠረግ በውሉ ላይ አስገባች። ቀጥሎ ወደ ላይ እዩ። ሌባ የላሜራውን በር ትቶ ቆርቆሮውን ገልጦ በኮርኒሱ ይገባል። ከጎረቤት የሚለያችሁ ቺፕውድ ብቻ ከሆነ የእናንተ ቁልፍ የሚጠብቀው ጎረቤቱ የሚቆልፈውን ያህል ነው። አጠገባችሁ ከሰል የሚያነድ ምግብ ቤት ካለም የእሳት አደጋው የእናንተም ነው።

ማታ ደግሞ በአሥራ ሁለትና በአንድ ሰዓት ሂዱ። ጎረቤቶች የሚዘጉት ስንት ሰዓት ነው? መብራት አለ? የተራው ዘበኛ ማን ነው፣ ማንስ ይከፍለዋል? ተራው በአሥራ ሁለት ሰዓት ከጨለመ የስምንት ሰዓቱን ስሌት እንደገና ሥሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ የብዙ ሱቆች ዕቃ መዘረፉን ወሎ የሚኖር ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ስለዚህ ዕቃን በሙሉ ሱቅ ውስጥ አለማከማቸት ዛሬም የሚሠራበት ጥንቃቄ ነው። መድን ስትገቡም የእሳት መድን ጦርነትንና ሁከትን በተለምዶ እንደማይሸፍን፣ ያ ሽፋን ለብቻው እንደሚገዛ አስታውሱ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። አከራዩ የቤቱ ባለቤት መሆኑን በካርታው አረጋግጡ። የቀበሌ ቤት ከሆነና የሚያከራያችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ከሆነ፣ ለቁልፍ የከፈላችሁት ገንዘብ አንድ ቀን ቀበሌው ቤቱን ሲረከብ ከማንም አይመለስም። የሱቁ ፊት በመንገድ ማስፋፊያ ወይም በኮሪደር ልማት የሚነካ መሆን አለመሆኑን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። ከእናንተ በፊት የነበረውን ተከራይ ፈልጉና ለምን እንደለቀቀ እወቁ፤ በአጭር ጊዜ ተከራይ ደጋግሞ የተቀያየረበት ክፍል ከሆነ ምክንያቱን ሳታገኙ አትለፉ።

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የሚተው ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀብሎ የሚተወው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቆጠራው ሳያልቅ «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው» በሚል ጥድፊያ የተሰጠ ቀብድ ስንቱን ነጋዴ በማይሆን ክፍል እንዳሰረ እያየሁ አዝናለሁ። ሌላም ስህተት አለ፤ የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለሱቅም የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ። አዋጁ የመኖሪያ ቤትን ብቻ የሚመለከት ነው። የሱቃችሁ ኪራይ በሁለተኛው ዓመት በምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው ውሉ ላይ ያጻፋችሁት ብቻ ነው። ጎረቤቴ ለሁለት ዓመት ፈርማ የሁለተኛውን ዓመት ኪራይ በቁጥር አስጽፋለች፤ ከዚያ በፊት ግን የጭማሪውን ኪራይ ለ26 ቀን አካፍላ፣ ለ150 ብር አካፍላ፣ በቀን ስንት ተጨማሪ ሽያጭ እንደሚጠይቃት አይታ ነበር።