ነባር ቪላ ላይ ፎቅ መጨመር፦ በግድግዳው ላይ፣ በራሱ ኮለን ወይስ በቀላል ብረት?

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቪላ ላይ ፎቅ ለመጨመር ሦስት መንገድ አለ፦ በነባሩ ግድግዳ ላይ ሶሌታ መሙላት፣ ፎቁን በራሱ መሠረትና ኮለን ማቆም፣ ወይም በብረትና በቀላል ግድግዳ መሥራት። ከኮንትራክተር ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ግን መሠረቱን ቆፍሮ ማየት ይቀድማል።

ከቤቱ አንድ ጥግና ከረጅሙ ግድግዳ መሀል አጠገብ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ እስከ መሠረቱ ግርጌ ይቆፈር። የድንጋዩ ጥልቀትና ስፋት ይለካ፣ ከሥሩ ያለው አፈር ይታይ። ጉድጓዱ ሳይውል ሳያድር ተሞልቶ ይደልደል፤ ክፍት ሆኖ ዝናብ ከገባበት መሠረቱን ያዳክማል። ጥቁር አፈር ከተገኘ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የእሱ ሥራ ነው። ስንጥቁ ላይ ቀጭን ጂፕሰም ለጥፎ ቀን መጻፍ ይረዳል። ወቅት ሲለወጥ ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነውና፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ክብደት አይጨመርበትም።

በጣሪያው ጥግ ወጥቶ የዛገ ፌሮ ብዙ ሰው ያታልላል። ፌሮው ባለቤቱ ፎቅ አስቦ እንደነበር ያሳያል እንጂ ከታች ያለው ፉቲንግ ፎቅ እንዲሸከም መሠራቱን አያረጋግጥም።

ክብደቱን እናስላ። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው እንበል። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ 12 ሜትር ኩብ አርማታ ይወስዳል፤ ይህ ወደ 30 ቶን ነው። የላይኛው የብሎኬት ግድግዳ፣ ሊሾውና ሴራሚኩ ሲጨመሩ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ ያውም ሰውና ዕቃ ሳይገባበት። ለአንድ ወለል ተብሎ የተሠራ የድንጋይ መሠረት ይህን ይችላል ብሎ መገመት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው መንገድ የሚመረጠው የቀድሞው የስትራክቸር ፕላን ለፎቅ የተሠራ ከሆነና ቁፋሮውም ያንኑ ካረጋገጠ ብቻ ነው።

የራሱ ኮለን ያለው መንገድ ውድ ቢሆንም ለብሎኬት ፎቅ የምንመርጠው እሱን ነው፤ ክብደቱን ነባሩ ግድግዳ ሳይሆን አዲሱ ፉቲንግ ይሸከመዋል። ችግሩ ቦታ ነው። 8 ሜትሩን ያለ መሀል ኮለን ለመሻገር ቢሙ በጣም ወፍራም ስለሚሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳሎን ወይም ኮሪደር ውስጥ ኮለን ይወርዳል። አዲሱ ጉድጓድ ከድሮው መሠረት በታች ከወረደም ሁሉም በአንድ ጊዜ መቆፈር የለበትም፤ ተራ በተራ እየተቆፈረ ይሞላል።

ቀላሉ ብረት የሚሻለው አፈሩ ጥሩ ሆኖ ሁለት ወይም ሦስት መኝታ ክፍል ብቻ ሲፈለግ ነው። የእግር ኮቴ ወደ ታች ይሰማል፣ መታጠቢያ ቤቱም ጠንቃቃ የውኃ መከላከያ ሥራ ይፈልጋል። ሮቶውን ላዩ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም፤ ባለ 2,000 ሊትሩ ሲሞላ ብቻውን 2 ቶን ነው።

ደረጃው የሚወሰነው ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ነው፤ በኋላ መቅደድ ዋናውን ፌሮ መቁረጥ ነው። ለ3 ሜትር ከፍታ እያንዳንዳቸው 16.7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 18 እርከኖች ያስፈልጋሉ። መሀል ላይ ማረፊያ ኖሮት የሚታጠፍ ደረጃ በግምት 2.2 በ3.4 ሜትር ይይዛል፤ ውስጥ ከገባ አንድ አነስተኛ መኝታ ክፍል ሄደ ማለት ነው። ላዩን ለማከራየት ካሰባችሁ የውጭ ደረጃ ይሻላል፣ ሠራተኛውም ቤታችሁን ሳያቋርጥ ይወጣል። የራሱ መሠረት ግን ያስፈልገዋል፤ ዝም ብሎ ሊሾ ላይ ከቆመ ሲሰምጥ ከቤቱ ይላቀቃል። አረጋውያን ፎቁ ላይ የሚተኙ ከሆነ የውስጡን ምረጡ፤ በክረምት እርጥብ ደረጃ አደገኛ ነው።

ቤተሰቡ የት ይኑር? ሶሌታ ከተመረጠ የካሳ ፎርማው ቋሚዎች በየክፍሉ ወለል ላይ ይደረደራሉና ዋናው ቤት አይኖርበትም። ሠራተኛ ቢቸኩልም የቢሙ ቋሚ ከ21 ቀን በፊት አይነሳ። ሰርቪስ ቤት ካለ ወጥ ቤቱንና ሽንት ቤቱን እዚያ አደራጅቶ መቆየት ይቻላል፤ ከሌለ የኪራይ ወጪው ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ። የብረቱ ሥራ በዚህ ይበልጣል፦ አዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው በላይ በራሱ ምሰሶ ከቆመ በኋላ የድሮው ቆርቆሮ ከሥሩ ይነሳል፣ ኮርኒሱም ባለበት ይቆያል። ቤተሰቡ ከባድ ብረት በሚነሳባቸው ቀናት ብቻ ይወጣል።

በየትኛውም መንገድ ጣሪያ የሚነሳው ከመስቀል በኋላ ይሁን። የግንባታ ፈቃዱም ከዚያ በፊት ይውጣ፤ ፎቅ ሲጨመር የሕንፃው ምድብ ሊለወጥ ስለሚችል የስትራክቸር ዲዛይን ተሠርቶ መቅረብ አለበት።