የጣት ኦክስጅን መለኪያ ከወራት በኋላ፦ 85 ስትል እና 98 ስትል

ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋን ፐልስ ኦክሲሜትር የገዛሁት ለእናቴ ነው። የቆየ የሳንባ ሕመም አለባት። ሐኪሟ ጠዋትና ማታ እየለካችሁ መዝግቡ ስላሉን ነው የገዛኋት፤ ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። ትሠራለች ወይ? በደንብ ትሠራለች። ቁጥሯን ግን እንዳለ መዋጥ አይቻልም። ስህተቶቿ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዝቅ አድርጋ ስትሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ያስታውቅባታል። ከፍ አድርጋ ስትሳሳት ግን ምንም አይታወቅባትም።

ይህ ለምን እንደሆነ የሚገባን አለካኳን ስናውቅ ነው። በአንደኛው ጎኗ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። አንዱ ቀይ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፤ እሱ 940 አካባቢ ነው። ከጣቱ ማዶ ብርሃን ተቀባይ ተቀምጧል። መብራቶቹ በየተራ፣ በጣም በፍጥነት ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ሁለቱም የጠፉባት ቅጽበት ላይ ተቀባዩ የክፍሉን ብርሃን ብቻ ይለካና ከሌላው ላይ ይቀንሰዋል።

ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፣ ኢንፍራሬዱን ግን ይበልጥ ያስቀራል። ኦክስጅን የሌለው የዚህ ተቃራኒ ነው። እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ጣት ውስጥ ደም ብቻ አለመኖሩ ነው። አጥንት አለ፣ ቆዳ አለ፣ ጥፍር አለ፣ ወደ ልብ የሚመለስ ደምም አለ። ሁሉም ብርሃን ያስቀራሉ።

መፍትሔው የመጣው ከልብ ምት ነው። ልብ በመታ ቁጥር ጣት ውስጥ ያለው የደም ቅዳ ደም ትንሽ ይጨምራል፤ የሚያልፈው ብርሃንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ መሣሪያዋ ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል ብቻ ትወስዳለች። ሐሳቡ የጃፓናዊው መሐንዲስ የታኩዎ አዮያጊ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ (በፈረንጆች አቆጣጠር)። የሚገርመው እሱ ይሠራ የነበረው ሌላ ነገር ነው፦ ልብ የሚረጨውን የደም መጠን በቀለም መለካት ይፈልግ ነበር። የልብ ምቱ ልኬቱን እየረበሸ ሲያስቸግረው ነው ረብሻው ራሱ እንደሚጠቅም የታየው።

በቁጥር እንየው። ከሚደርሰው ቀይ ብርሃን 1 በመቶው ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል እንበል። ከኢንፍራሬዱ ደግሞ 2 በመቶው። የቀዩን ለኢንፍራሬዱ ስናካፍል 0.5 ይመጣል። ይህን ውጤት R ይሉታል። SpO2 ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምናየው የኦክስጅን መቶኛ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ላይ የሚገኘው ግምታዊ ቀመር ይህ ነው፦

```
SpO2 = 110 - 25 × R
```

R 0.5 ሲሆን ወደ 97.5 ይሰጣል። እውነተኛው መሣሪያ ግን የሚጠቀመው ውስጡ በተቀመጠ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ የተሠራው ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር እየተነፈሱ፣ ደማቸው እየተቀዳና በላቦራቶሪ እየተመረመረ ነው። ፈቃደኞቹን ለደኅንነታቸው ሲባል ከ70 በመቶ ገደማ በታች አያወርዷቸውም። ስለዚህ ከዚያ በታች የሚታይ ቁጥር በአብዛኛው ግምት ነው።

አሁን ወደ 85 እንምጣ። አንድ ብርዳማ ጠዋት የእናቴን ጣት ስለካ 85 አለች። እናቴ ግን እንደወትሮዋ ታወራለች፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጣት ትጨርሳለች። ከንፈሯም ያው ነው። እጇ ግን በረዶ ሆኗል። ስክሪኑ ላይ ያለው የልብ ምት ሞገድ ጠፍጣፋና የተቆራረጠ ነው። መሣሪያዋ የልብ ምቷን 58 ትላለች፤ አንጓዋን ይዤ ስቆጥር ግን 76 ነው። የልብ ምቱን እንኳ ያላገኘች መሣሪያ ኦክስጅኑን ከየት ታመጣለች?

85 መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። ብርድ የጣት ደም ሥሮችን ሲያጠብ የምቱ ክፍል ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። የሚቀረው የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። መንቀጥቀጥ ደግሞ ቀዩንም ኢንፍራሬዱንም በእኩል ያወዛውዛል። እኩል ለእኩል ሲካፈል R 1 ይሆናል። 110 ሲቀነስ 25፣ ያው 85። እጇን አሞቅንላት፣ ደረቷ ትይዩ አሳረፈችው፣ አንድ ደቂቃ ጠበቅን። ሞገዱ ተስተካከለ፤ ቁጥሩ 94 ላይ ቆመ። የእሷ የተለመደ ቁጥር ይህ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞገዱ ጥሩ ከሆነና የልብ ምቱ በእጅ ከሚቆጠረው ጋር ከገጠመ፣ 85 እውነተኛ 85 ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ቢል ሐኪም ቤት ነው። ሌላም አለ። ዳፕሶን ወይም ቤንዞኬይን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አንዳንዴ ሄሞግሎቢንን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይቀይሩታል። እሱ ሁለቱንም ብርሃን ወደ እኩል በተጠጋ መጠን ስለሚያስቀር ንባቡን ወደ 85 ይጎትተዋል፤ ሞገዱ ያማረ ሆኖ፣ ኦክስጅን ቢሰጥም እንኳ ብዙም ንቅንቅ ሳይል።

የጥፍር ቀለም፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ የሚንቀሳቀስ እጅ፦ እነዚህ ቀላል ናቸው። ቀለሙን ማስለቀቅ፣ ጣቱን በጨርቅ መሸፈን፣ መጠበቅ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላኛው ወገን ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲነድ ወይም ጄኔሬተር ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቅና ኦክስጅን የሚይዝበትን ቦታ ይወስዳል። በቀዩ ብርሃን ግን ኦክስጅን የያዘውን ይመስላል። መሣሪያዋ ያላት ሁለት ብርሃን ብቻ ስለሆነ ልትለያቸው አትችልም። ከሄሞግሎቢኑ 30 በመቶው በጋዙ ቢያዝ፣ ኦክስጅን ሊኖረው የሚችለው ከ70 በመቶ አይበልጥም። ስክሪኑ ግን 97፣ 98 ሊል ይችላል። ሞገዱ ቆንጆ፣ የልብ ምቱም ትክክል ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ወይም ያቅለሸለሸው ሰው 98 አየሁ ብሎ መተኛት የለበትም። ወጥቶ ንጹሕ አየር ያግኝ፣ በቀጥታም ሐኪም ቤት ይሂድ። እዚያ ደሙ የሚታየው ብዙ የሞገድ ርዝመት በሚጠቀም ኮ-ኦክሲሜትር ነው።

የቆዳ ቀለምም አለ። ቆዳ ከምት ጋር ስለማይለዋወጥ፣ በሐሳብ ደረጃ ስሌቱ ውስጥ መጣፋት ነበረበት። በተግባር ሙሉ በሙሉ አይጣፋም። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ92 እስከ 96 በመቶ የተነበበላቸውን ሕሙማን ተመልክቷል። ደማቸው ሲመረመር ከ88 በታች የተገኘባቸው ጥቁሮች መጠን ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት የትኛውንም ቁጥር እንደ ጥብቅ ወሰን አናየውም። የምናየው ከራሷ ከእናቴ የተለመደ ቁጥር ምን ያህል እንደወረደ ነው፤ ሐኪሟም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

የደም ማነስም እንዲሁ አይታያትም። መሣሪያዋ የምትነግረን ካለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ሄሞግሎቢኑ በግማሽ ቢቀንስም 98 ማለቷን ትቀጥላለች።

ሌላ ብገዛ ስክሪኑ ላይ ሞገድ የማታሳየውን አልወስድም። ቁጥር ብቻ የምታሳይ ብትሆን ኖሮ ያን ጠዋት የማጣራበት አንዱ መንገድ አይኖረኝም ነበር። የምቱን ጥንካሬ የሚያሳየው PI የሚባለው ቁጥርም ቢኖራት ደስ ይለኛል፤ የእኛዋ አላት፣ እሱ ሲወርድ ዋናው ቁጥርም መወላወል ይጀምራል። ቅሬታዬ መቆንጠጫዋ ላይ ነው። ስፕሪንጉ እየላላ መጥቷል፤ በቀጭን ጣት ላይ ብርሃን በጎን ይገባል። ለጊዜው በመሃል ጣት እንለካለን።