ዩኒቨርሲቲ ወይስ ቴክኒክና ሙያ? አቅሙ ውስን ለሆነ ቤተሰብ የቀረበ ንጽጽር

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ የልጁን ቀጣይ ጉዞ በክብር ይመዝነዋል፤ ዲግሪ ከፍ ያለ፣ ሙያ ዝቅ ያለ ተደርጎ ይታያል። ገንዘብ ሲያጥር ግን አስቀድመው መመለስ ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። በትምህርቱ ዓመታት የልጁን ምግብና ማደሪያ የሚችለው ማን ነው? መጨረሻ ላይ የሚያገኘውን ወረቀት ዋጋ የሚሰጠውስ የትኛው ፈተና ነው?

ውጤቱ ራሱ ምርጫውን ያጠበዋል። በ2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በታች ሆነው መቁረጫ ነጥቡን ያገኙ ተማሪዎች በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በተለምዶ ሪሜዲያል በሚባለው፣ አንድ ተጨማሪ ዕድል ያገኛሉ። ለቀሪው አብዛኛው ተማሪ ቴክኒክና ሙያ ዋናው በር ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ጥቅም መኝታና ምግብ ማቅረቡ ነው። በነጻ ግን አይደለም፤ ተማሪው በየዓመቱ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ከትምህርት ወጪው የተወሰነውን ድርሻ፣ ከምግብና ከመኝታው ደግሞ ሙሉውን፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይመልሳል። የባንክ ብድር ዓይነት ወለድ የለበትም። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ 11,500 ብር ይከፈለዋል፤ ከዚህ ላይ አሥር በመቶ ሲቆረጥ በወር 1,150 ብር ማለት ነው። ይህ ቤተሰብን የሚያስደነግጥ ዕዳ አይደለም። ከዕዳው ይልቅ የሚከብደው ጊዜው ነው፤ አብዛኛው የትምህርት ዘርፍ አራት ዓመት፣ ምህንድስና አምስት ዓመት ይፈጃል።

የግል ኮሌጅ ዲግሪ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ገንዘብ ለሚያጥረው ቤተሰብ ከሦስቱ መንገዶች እጅግ አደገኛው እርሱ ይመስለኛል። ቤተሰብ በየወሩ ከፍሎ ካስተማረ በኋላ ልጁ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያ የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጎበዝ ተማሪ የሚያፈሩ የግል ተቋማት መኖራቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ብድር ወስዶ የሚከፍል ወላጅ ኮሌጁ ያለፉትን ፈተናዎች ውጤት በዘርፍ ለይቶ እንዲያሳየው ሳይጠይቅ አንድ ብር እንኳ መክፈል የለበትም።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። በደብረ ብርሃን የምትኖር፣ 52 በመቶ ያመጣችና ጅማ የተመደበች ተማሪ እናስብ። አማራጯ በከተማዋ ባለ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሥራ መሠልጠን ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው፤ አንባቢ በራሱ ከተማ ዋጋ ይተካቸው።

ጅማ ብትሄድ ለሳሙና፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለሞባይል ካርድና ለመሳሰሉት በወር 1,500 ብር፣ በአሥር ወር 15,000 ብር ያስፈልጋታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ቤተሰቧን ጠይቃ ለመመለስ 6,000 ብር ብንጨምርበት 21,000 ይሆናል፤ በአራት ዓመት 84,000 ብር። እዚያው ደብረ ብርሃን ከቤቷ እየተመላለሰች ብትሠለጥን ደግሞ ለትራንስፖርት በወር 800፣ በዓመት 8,000 ብር ታወጣለች። ሥልጠናው ሁለት ዓመት ይፈጃል ብንልና ለፒንሳ፣ ለካቻቪቴ፣ ለቴስተርና ለመልቲሜትር አንድ ጊዜ 6,000 ብር ብንደምር 22,000 ይሆናል። ምግቡ ከቤት ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከዚህም በላይ ሁለት ዓመት ቀድማ ገቢ የማግኘት ዕድል አላት።

አሁን ደግሞ ያችው ተማሪ ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው፣ ኮሌጁም በእግር የማይደረስበት ከተማ ነው እንበል። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አብዛኞቹ መኝታና ምግብ አይሰጡም። ለአንድ ክፍል ኪራይ 2,500፣ ለምግብ 3,500 ብር ብናስብ በወር 6,000 ነው፤ በአሥር ወር 60,000፣ በሁለት ዓመት 120,000 ብር። ርካሽ የተባለው መንገድ ከዩኒቨርሲቲው በለጠ! የገጠር ወላጅ ይህን ሳያሰላ ልጁን ወደ ከተማ ይልክና መሃል ላይ ኪራዩ ሲያቅተው ልጁ ሥልጠናውን አቋርጦ የቀን ሥራ ይገባል። ስለዚህ ለገጠር ልጅ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከደረሰውና የደረሰው ዘርፍ የማይጠላው ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው የተሻለ ምርጫ ነው እላለሁ። ከተማ ውስጥ ዘመድ ጋር የሚያርፍ ከሆነ ግን ሂሳቡ እንደገና ይገለበጣል።

ቴክኒክና ሙያን የመረጠ ሰው ሊመረምር የሚገባው ዋናው ነገር ወርክሾፑ ነው። ሥልጠናው በአብዛኛው በተግባር ሊሰጥ ይገባዋል፤ ኮሌጁ ሽቦ ካላቀረበ ግን ጠመኔ ብቻ ይቀራል። ከምዝገባ በፊት በሥልጠና ሰዓት ሄዶ ማየት ይበጃል። የኤሌክትሪክ ወርክሾፕ ከሆነ መለማመጃ ሰሌዳዎቹን አስተውሉ፤ ደጋግሞ የታሰረና የተፈታ ሰሌዳ ብሎኖቹ ያለቁ፣ ቀዳዳዎቹ የሰፉ ናቸው፤ ወለሉ ላይም ቁርጥራጭ ሽቦ አይጠፋም። ሰሌዳው አዲስ ሆኖ አቧራ ከለበሰ ማንም አልነካውም። አንድ ማሽን ለስንት ሠልጣኝ እንደሆነ ሠልጣኞቹን ራሳቸውን ጠይቁ። የትብብር ሥልጠናውም፣ ማለትም በድርጅት ውስጥ የሚሠራው ልምምድ፣ በኮሌጁ ይመቻች ወይስ ሠልጣኙ ራሱ እንዲፈልግ ይተው እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ የሚገኘው በዚያው ልምምድ በታየበት ቦታ ነው።

ከዚያ የሙያ ብቃት ምዘናው አለ፤ ሲኦሲ የሚባለው። ምዘናው የኮሌጁ ፈተና አይደለም፤ ሠልጣኙ በምዘና ማዕከል ቀርቦ በጽሑፍም በተግባርም ይመዘናል፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። ቀጣሪ የሚጠይቀው ይህን ወረቀት ነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ የዕውቅና ፈቃዱን ተመልከቱ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ለሙያው፣ ለደረጃውና ለካምፓሱ ተለይቶ ነው። በደረጃ 2 ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በደረጃ 4 ሊመዘግባችሁ ይሞክር ይሆናል። አጠራጣሪ ከሆነ ፈቃዱን ወደሰጠው የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ባለሥልጣን ሄዶ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሙያ ስለያዙ ብቻ ገቢው ወዲያው አይመጣም። ጀማሪ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጀመሪያ በሌላ ሰው ሥር በረዳትነት ይሠራል፤ ግንባታ ሲቀዘቅዝ ሥራም ይቀዘቅዛል፤ ተቋራጩም ክፍያ ያዘገያል። በራሱ ለመሥራት መሣሪያ መግዣ ያስፈልገዋል፤ የአነስተኛ ብድር ተቋማት ደግሞ ዋስ ወይም የቡድን ዋስትና ይጠይቃሉ። ስለዚህ ከሥልጠናው ማግስት ያሉትን ስድስት ወራት የሚያሻግር ትንሽ ገንዘብ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

ዲግሪ የሚመኝ ልጅ ሙያን ስለመረጠ በሩ አይዘጋበትም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ከደረጃ 5 በላይ እስከ ዲግሪና ከዚያም በላይ ያሠለጥናል፤ ሌሎች ተቋማትም በማታና በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ይቀበላሉ። የመግቢያ መስፈርቱ ግን ስለሚለዋወጥ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን፣ የደረጃ ትራንስክሪፕቱንና የብቃት ምዘና ወረቀቱን በሙሉ ዋናውን ይያዝ፤ የሠለጠነበት ሙያ ለሚፈልገው የዲግሪ ዘርፍ ተቀባይነት እንዳለውም ደረጃ 1 ላይ ሳለ ይጠይቅ።